ሦስት ጊዜ የጻፍኩት የዕድገት ማስታወሻ

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ጭነት ማመላለሻ ድርጅት ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከአሰብ ጭነው የሚመጡት መኪኖች የአዋሽን በረሃ አቋርጠው፣ አቧራ ለብሰው የሚገቡት እኛ ግቢ ነበር። ሾፌሩ ያቆማል፣ መካኒኩ ይፈታል፣ የተበላሸውን ይለያል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዓይን ወደ እኛ መስኮት ይዞራል። «አለ» ካልን መኪናው ይወጣል። «የለም» ካልን ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ይቀመጣል።

በግምጃ ቤቱ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ኃላፊ ከመሆኔ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከእኔ ጋር በአንድ ወር የተቀጠረ የዕድሜ እኩያዬና የምሳ ጓደኛዬ የነበረ ዕቃ አስረካቢ፣ እና ከእኛ በኋላ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት። ልጅቷ የአቦምሳ ሰው ናት። አባቷ ገበሬ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የንብረት አያያዝ ኮርስ ወስዳ ነው የተመደበችልን። የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ መካኒኮቹ በመስኮቱ እያዩ ይስቁ ነበር፤ ኩሽኔታ ከጎማ የማትለይ መስሏቸው። እሷ ግን ኦሮምኛ ተናጋሪውን በኦሮምኛ፣ አማርኛ ተናጋሪውን በአማርኛ ሰላም እያለች፣ የመጣውን የዕቃ መጠየቂያ እየተቀበለች ሥራዋን ጀመረች።

አምስተኛ ዓመቷ ላይ ነው ወደ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት መዛወሬ የተነገረኝ። የእኔ ቦታ ክፍት ሆነ። የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ ውጤትና የሥራ ሥነ ሥርዓት ታይቶ ከውስጥ ሠራተኞች በደረጃ ዕድገት ይመደባል ይላል። ሁለት ሰዎች ተመዘገቡ። ጓደኛዬና ልጅቷ።

በእኔ ልብ ውስጥ ጥያቄው ያለቀ ነበር። ቦታው የእሷ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ለሠራተኛ አስተዳደር ማስታወሻ ጻፍኩ። ቃላቱ ራሳቸው ይመጡ ነበር። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ቅን፣ ሥራ ወዳድ፣ ለባልደረቦቿ አርአያ የሆነች። አንድ ገጽ ሞላሁና አስተይቤ፣ ፈርሜና ማኅተም አስመትቼ ራሴ ወሰድኩት።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው ነበሩ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ማኅደር ሲያገላብጡ የኖሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት። ደብዳቤውን ቆሜ እያለሁ አነበቡት።

«ቁጭ በል» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ይቺ ልጅ ሞታለች እንዴ?»

«ኧረ በሕይወት አለች፤ ምነው?»

«ይኼ የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ነው። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ቅን። በዚህ ካቢኔት ውስጥ ከመቶ ሰው በላይ ታታሪና ታማኝ አለ። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ታታሪ ነው። ኮሚቴ ላይ ይህን ሳነብ ማንም አይቃወመኝም፤ ማንም ግን አይሰማኝም።» ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። «ምን ሠራች? እሱን ጻፍልኝ። መቼ፣ የትኛው መኪና ላይ፣ ከእሷ በፊት እንዴት ነበር፣ ከእሷ በኋላ እንዴት ሆነ። የሌላኛውም ኃላፊ አንተ ነህ አይደል? ለእሱም በዚሁ መልክ ትጽፋለህ። ለአንዱ ጽፎ ለሌላው ዝም ማለት የለም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ስድስት ዓመት ኃላፊ ሆኜ ስለ ሠራተኛዬ የተናገርኩት አልበቃም መባሌ ነው ያናደደኝ። ግቢውን አቋርጬ ግምጃ ቤት ስደርስ ግን ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ምን ሠራች? ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ በዓይኔ ፊት ተደርድሮ ነበር። መደርደሪያው ላይ የተንጠለጠሉት ካርዶች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዕቃ ሲመጣ አምራቹ በሰጠው ቁጥር ይመዘገባል። የዚህ መኪና ዕቃ በዚህ ቁጥር፣ የዚያ መኪና ዕቃ በዚያ ቁጥር። መካኒኩ ሲጠይቅ ካታሎግ እናያለን፣ ቁጥሩን በካርዱ ላይ እንፈልጋለን፣ ከሌለ የለም እንላለን። ሁላችንም የተማርነው እንደዚያ ነው። ልጅቷ በሁለተኛ ዓመቷ ላይ ያስተዋለችው፣ የጎማ ማሽከርከሪያውን ኩሽኔታ የሚሠራው ፋብሪካና መኪና የሚሠራው ፋብሪካ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ኩሽኔታው ቀለበት ላይ የተቀረጸ የራሱ ቁጥር አለው። የመኪናው ፋብሪካ ገዝቶ በራሱ ሳጥን ይከትና የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ኩሽኔታ በሁለትና በሦስት ስም፣ በተለያየ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይኖራል።

ይህን ያወቅነው በቡልቡላው መኪና ነው። የድርቁ ጊዜ ነበር። እህል ጭኖ ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪናችን ዝዋይን አልፎ ቡልቡላ ላይ የፊት ጎማው ኩሽኔታ ተበልቶ ቆመ። ረዳቱ የተሰበረውን ቁራጭ በጨርቅ ቋጥሮ፣ በሌላ መኪና ተሳፍሮ መጣ። ካታሎጉን አየሁ፤ ካርዱን አየሁ፤ ባዶ ነው። «የለም» ብዬ መጠየቂያው ላይ ጽፌ ፈረምኩ። ረዳቱ ወረቀቱን ይዞ መስኮቱ ሥር ቁጭ አለ፤ ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም።

ልጅቷ ወጥታ ቁራጩን ከጨርቁ ፈታችው። በጋዝ አጠበችው። ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ብርሃን ይዛ አነበበችና ወደ ውስጥ ገባች። ከተሳቢ ዕቃዎች መደርደሪያ ሥር፣ አራት ዓመት ማንም ያልነካቸው ሦስት ሳጥኖች አውጥታ አንዱን ከፈተች። ያው ቁጥር ነው። ያው ስፋት፣ ያው ውፍረት።

«ጋሼ፣ ይኼ የተሳቢው ነው። ግን ያው ነው» አለችኝ።

ጓደኛዬ «የተሳቢ ዕቃ ለመኪና ወጪ አይደረግም፤ ኋላ ኦዲተር ሲመጣ ማን ይጠየቃል?» አለ። ትክክል ነበር፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ዋናውን መካኒክ ጠራነውና በመለኪያ ለክቶ አረጋገጠ። ፈርሞ ወሰደው። መኪናው በማግስቱ ከቡልቡላ ተነሣ።

እኔ ያን ጊዜ «ጎበዝ» ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ ግን በዚያ አላቆመችም። ሥራ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱን ሳጥን እየከፈተች፣ የተቀረጸውን ቁጥር እያነበበች፣ ለእያንዳንዱ ሌላ ካርድ ጻፈች። በካርዱ ላይ ከላይ የዕቃው የራሱ ቁጥር፣ ከሥሩ በየመኪናው ስም የሚጠራበት ቁጥር ሁሉ አለ። ከኩሽኔታ ተነሥታ ወደ ማጣሪያ፣ ከማጣሪያ ወደ ቺንጊያ ሄደች። አንድ ዓመት ከምናምን ፈጀባት። ይህ ሁሉ በዓይኔ ፊት የተደረገ ነው፤ እኔ ግን ታታሪ ብዬ ጻፍኩት።

በማግስቱ የዕቃ መጠየቂያ ጥራዞቹን ከመዝገብ ቤት አስወጣሁ። ካርዶቿን ከመጀመሯ በፊት ያሉትን ሦስት ወራት መረጥኩ። «የለም» ተብለው የተመለሱትን አንድ በአንድ እየለየሁ ከካርዶቿ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። አርባ አንድ «የለም» አገኘሁ። ከአርባ አንዱ አሥራ ሰባቱ ዕቃው በዚያን ዕለት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ በሌላ ስም። አሥራ ሰባት ጊዜ መኪና ያለ ምክንያት ቆሟል ማለት ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ሦስት ወር አየሁ። «የለም» የተባለው አሥራ ሁለት ጊዜ ነው፤ አሥራ ሁለቱንም መርምሬ በእውነትም የሌለ ሆኖ አገኘሁት።

ደስ እያለኝ ቁጥሮቹን ስጽፍ ቆየሁና አንድ ነገር ታየኝ። ከአሥራ ሰባቱ በአሥራ አራቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። የቀሩት ሦስቱ የጓደኛዬ።

ሁለተኛውን ማስታወሻ ጻፍኩ። የቡልቡላውን መኪና አስገባሁ፣ ካርዶቹን አስገባሁ፣ ቁጥሮቹን አስገባሁ። «ቀደም ሲል በአሠራር ጉድለት ምክንያት» የምትል ሐረግ ፈልጌ አገኘሁና ከአሥራ ሰባቱ ፊት አስቀመጥኳት። ማን እንደፈረመ አልጻፍኩም። ለጓደኛዬም ጻፍኩ። በስምንት ዓመት አንድም ቀን እንዳልቀረ፣ ቁልፍ በእጁ እያለ አንድም ዕቃ እንዳልጠፋ፣ ቤንዚንና ዘይት የሚወጣበትን መዝገብ እሱ ብቻ ስለያዘው ከእሱ መዝገብ ላይ ኦዲተር ስሕተት አግኝቶ እንደማያውቅ። እውነት ነበር፤ ስጽፈው ደስ ብሎኛል።

ሽማግሌው ሁለቱንም አነበቡ። የጓደኛዬን «ደህና» ብለው አስቀመጡት። የእሷን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«አሁን ሰው መሰለች» አሉ። «ሁለት ነገር ግን ጎድሏል። አንደኛ፣ ይህ የአሠራር ጉድለት የሚባለው ሰውዬ ማነው?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ሐረጓን እንደገና አነበብኩ።

«እነዚህን መጠየቂያዎች ኮሚቴው አስመጡ ቢል ፊርማው የማን ነው?»

«አብዛኛው የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ጻፈው። ሌላ ሰው ከሚያገኘው አንተ ብትለው ይሻላል። ደግሞስ የገዛ ኃላፊዋ እኔ ስቼ እሷ አረመችኝ ካለ፣ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?» መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጠረጉት። «ሁለተኛ፣ ይቺ ልጅ አምስት ዓመት ስትሠራ አንድ ነገር አላጠፋችም? ጉድለት የሌለበት የድጋፍ ደብዳቤ እኔም አላምነው፤ ኮሚቴውም አያምነው። ስሕተቷን ጻፍ፤ ካጠፋች በኋላ ምን እንዳደረገችም ጻፍ።»

ስሕተት ነበረባት። በሦስተኛ ዓመቷ ለአንድ መኪና የሌላ ሞዴል የፍሬን ሸራ ሰጥታ፣ መካኒኩ ሲገጥመው አልገባ ብሎ፣ መኪናው አንድ ቀን ሙሉ ቆሟል። ማንም አልከሰሳትም፤ መካኒኩ ለውጦ ነገሩ ሊረሳ ነበር። ራሷ በሪፖርት ጽፋ ነው ያመጣችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌውን ዕቃ ሳያሳዩ አዲስ መውሰድ የለም ብላ መስኮቱ ላይ ለጠፈች። መካኒኮቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በኋላ ለመዱት። ያ ዓይነት ስሕተት ዳግመኛ አልደረሰም።

ይህን ሳላስታውቃት መጻፍ ግን ከበደኝ። መስኮቱ ሲዘጋ ጠብቄ ነገርኳት።

«ስለ ፍሬን ሸራው ልጽፍ ነው። ይጎዳሽ ይሆናል። ካልፈለግሽ እተወዋለሁ።»

እጇ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገች አሰበች።

«ስለራስዎም ሊጽፉ ነው?»

ማን እንደነገራት አላውቅም። ምናልባት ጥራዞቹን ሳገላብጥ አይታኝ ይሆናል።

«አዎ፤ ልጽፍ ነው።»

«እንግዲያው የእኔንም ይጻፉት፣ ጋሼ። ሆኗልኮ።»

ሦስተኛው ማስታወሻ ከሁለቱም አጭር ነበር። ግልባጩ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። መጀመሪያ ያለውን መግቢያ ትቼ ዋናውን ልጻፈው።

«ጉዳዩ፦ የደረጃ ዕድገት ድጋፍን ይመለከታል። ከዚህ በላይ የተጠቀሰችው ሠራተኛ ለግምጃ ቤት ኃላፊነት እንድትመደብ እደግፋለሁ። ምክንያቴም የሚከተለው ነው። በድርቁ ወቅት እህል የጫነ መኪናችን ቡልቡላ ላይ ሲቆም፣ እኔ ዕቃው የለም ብዬ ፈርሜ ነበር። ሠራተኛዋ የተበላሸውን ኩሽኔታ ቁጥር አንብባ፣ በተሳቢ ዕቃነት ተመዝግቦ የነበረውን አንድ ዓይነት ኩሽኔታ አገኘች፤ መኪናው በማግስቱ ጉዞ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዛት የግምጃ ቤቱን ዕቃ በሙሉ በዕቃው የራሱ ቁጥር የሚያገናኝ ካርድ አዘጋጅታለች። ካርዱ ከመሠራቱ በፊት በሦስት ወር ውስጥ የለም ከተባሉት አርባ አንድ ጥያቄዎች አሥራ ሰባቱ ዕቃቸው በግምጃ ቤት ነበር፤ ከእነዚህ በአሥራ አራቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ባለፉት ሦስት ወራት የለም የተባሉት አሥራ ሁለት ሲሆኑ ሁሉም በእርግጥ የሌሉ መሆናቸውን አረጋግጫለሁ። የዓመቱ ቆጠራ ቀድሞ ግምጃ ቤቱን አሥር ቀን ያዘጋ ነበር፤ ዘንድሮ በአራት ቀን ተጠናቋል። ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ የተሳሳተ የፍሬን ሸራ ሰጥታ አንድ መኪና ለአንድ ቀን አስቁማለች። ስሕተቱን ራሷ በጽሑፍ አሳውቃ፣ እንዳይደገም አሮጌው ዕቃ ሳይታይ አዲስ እንዳይሰጥ አድርጋለች፤ አልተደገመም። መጠየቂያዎቹና ካርዶቹ ለኮሚቴው ሊቀርቡ ይችላሉ።»

ከዚያ የዘመኑ መፈክር፣ ከመፈክሩ ሥር የእኔ ስምና ፊርማ። አንድም «ታታሪ» የለበትም።

ኮሚቴው በተሰበሰበበት ዕለት እንድቀርብ ተጠራሁ። ሰብሳቢው የቴክኒክ ኃላፊው ናቸው፤ ሽማግሌው ጸሐፊ ሆነው ተቀምጠዋል፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አለ፤ የፓርቲው ተወካይም አለ። የፓርቲው ተወካይ ከእኔ የሚያንስ፣ ጎበዝ ተናጋሪ፣ ሲቆጣም የሚረጋ ሰው ነው። ማስታወሻዬ ከፊቱ ነበር፤ አንብቦታል፤ ጥቂት መስመሮችንም አስምሮበታል።

«ጓድ፣ የጻፍከው ስለ ካርድና ስለ ኩሽኔታ ነው» አለኝ። «ኃላፊ ስንሾም ግን ሰውን ነው የምንሾመው። ይቺ ጓዲት በውይይት ክበብ ላይ አፏን ከፍታ አታውቅም። መፈክር ሲባል እጇ አይነሣም። ጴንጤ ናት ይባላል። ስለዚህ ምን ትላለህ?»

ይህ ጥያቄ ሰውን ከሥራ ብቻ አይደለም፣ ከቤቱም ያስወጣ ነበር። በከተማችን ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው በየቤታቸው ተደብቀው የሚሰበሰቡ፣ የታሰሩም እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የሃይማኖቷን ነገር ጠይቄያት አላውቅም፤ ላለመጠየቄም ምክንያት ነበረኝ፤ ያላወቅኩትን ማንም አያስወጣኝም።

ያን ሰሞን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ስመልስ ስለከረምኩ፣ አፌ ላይ የመጣው ያው ዓይነት መልስ ሆነ።

«ምን እንደምታምን አላውቅም። ምን እንዳደረገች ግን አውቃለሁ። መሠረተ ትምህርት ላይ ሦስት ዙር አስተምራለች። የጽዳት ሠራተኞቹንና ጥበቃዎቹን ያስተማረችው እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ስትገቡ መዝገብ ያስፈረሟችሁ ሰውዬ በጣት አሻራ ነበር ደመወዝ የሚቀበሉት። አሁን ስማቸውን ይጽፋሉ፤ የእናንተንም ስም ያነባሉ።»

የፓርቲው ተወካይ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን ለምን አልጻፍከውም?»

«ማስታወቂያው የጠየቀው የሥራ ውጤት ነው። የተጠየቅኩትን ነው የጻፍኩት።»

ሽማግሌው ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «በማስታወቂያው ላይ አራት መመዘኛ ነው የወጣው» አሉ። «ሠራተኛው ሁሉ አንብቦታል። ሌላ መመዘኛ ከጨመርን እንደገና ማስታወቂያ ማውጣት አለብን። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

የማኅበሩ ተወካይ፣ እሱ ራሱ የሞተር መካኒክ ነው፣ ከማስታወሻዬ ጋር የቀረቡትን መጠየቂያዎች አገላብጦ «ከአሥራ ሰባቱ ሁለቱ የእኔ መጠየቂያዎች ናቸው» አለ። «አንዱን ሞተር ሁለት ሳምንት ፈትቼ አስቀምጬዋለሁ። ዕቃው እዚያው ነበር ለካ።» ወደኔ ዞሮ አየኝ፤ ዓይኔን ወደ መሬት አደረግኩ። ከዚያ እንድወጣ ተነገረኝ።

ውጤቱ ከአራት ቀን በኋላ ተለጠፈ። ለስድስት ወር በተጠባባቂነት ትመደባለች፤ በሥራዋ ታይታ ትጸናለች። ተጠባባቂ የምትለው ቃል የማን እንደሆነች ሁላችንም ገብቶናል። ሽማግሌውን በረንዳ ላይ አገኘኋቸውና ቅር ማለቴን ሳሳያቸው «ዓመት ሙሉ ካርድ ስትጽፍ ላልደከመች ልጅ ስድስት ወር ምኗ ነው?» አሉኝ።

ጓደኛዬ ለሦስት ቀን ምሳ ብቻውን በላ። በአራተኛው ቀን እኔ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የእኔን ደብዳቤ አሳዩኝ» አለ። «ደህና ነው የጻፍከው። የእሷን ግን ከፍ አድርገህ ነው።»

«የእሷን ከፍ ያደረገው ሥራዋ ነው።»

«ስምንት ዓመት አብረን በልተናል።»

«አዎ። ስለዚህ ነው ስለአንተም ውሸት ያልጻፍኩት።»

ቅሬታው ቶሎ አልወጣለትም፤ እንደ ድሮው ሆነን አናውቅም ብል ይቀለኛል። ነገር ግን ሰውየው ክፉ አልነበረም። እሷ ኃላፊ ከሆነች በኋላ የዘይትና የቤንዚኑን መዝገብ እንደ ቀድሞው ንጹሕ አድርጎ ያዘላት። ሲያስቸግሯት የነበሩ ሁለት ሾፌሮችንም መስኮቱ ላይ ቆሞ ያስታገሠላት እሱ ነው፤ ይህን ሌሎች ነገሩኝ።

ርክክቡን ስናደርግ አራት ቀን ፈጀብን። እያንዳንዱን መደርደሪያ አብረን ቆጠርን። በአራተኛው ቀን አባቷ ከአቦምሳ መጡ። ልጃቸው ተሾመች የሚል ወሬ ደርሷቸው፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው ነው የመጡት። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ልጃቸው መካከላችን ሆና ትተረጉምልን ጀመር።

«ስለ ልጄ ወረቀት ጻፉ አሉኝ። ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

ግልባጩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። እስከዚያን ቀን አላየችውም። መጀመሪያ ለራሷ አነበበች፤ እያነበበች ፊቷ ቀላ። ከዚያ ለአባቷ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር። የቡልቡላው መኪና ላይ ስትደርስ አባትየው አስቆሟት።

«እህል ነበር የጫነው?»

«አዎ፣ እህል።»

«ወዴት የሚሄድ?»

«ወደ ደቡብ። ድርቅ ወደነበረበት።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ቀጥዪ አሉ። እኔ ፈርሜአለሁ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ልትዘለው ፈልጋ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን «እሱንም አንብቢላቸው» አልኳት። አነበበችላቸው። አባትየው ወደኔ ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያሉትን እሷ ወዲያው አልተረጎመችልኝም፤ እንባዋን ለመዋጥ ወደ መደርደሪያው ዞራ ነበር። በኋላ ስጠይቃት ነገረችኝ፦ «እኔ ያሳደግኳት አቦምሳ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረውን እዚህ ጨርሳችሁልኛል» ነው ያሉት።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ገባሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛና መጋረጃ ያለው መስኮት ተሰጠኝ። ከናዝሬት የሚመጣውን የግምጃ ቤት ሪፖርት የማነበው እኔ ነበርኩ። በስድስተኛው ወር የመጣው ሪፖርት ሥር «የግምጃ ቤት ኃላፊ» ተብሎ ተፈርሞ ነበር፤ ተጠባባቂ የምትለዋ ቃል ወጥታለች። ፊርማዋ ትንሽ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተጻፈ፤ ለመነበብ የማያስቸግር። ሥራዬ አልቆ ቤቴ እስክገባ ድረስ በዚያን ዕለት ደረቴ ተነፍቶ ነበር። በሥራ ዘመኔ ሦስት ጊዜ ዕድገት አግኝቻለሁ፤ አንዱም እንደዚያ አላኮራኝም።